ሙሉ ገበታ፦ የምግብ ምድብ መለያ ጨዋታ ለ3ኛ ክፍል

ይህ ጨዋታ 48 ተማሪ ላለው ክፍል የተዘጋጀ ሲሆን የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። ሜዳ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ዝናብ ከሆነ ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ ክፍል ውስጥ መጫወት ይቻላል። ተማሪዎቹ ምግቦችን ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢና በሽታ ተከላካይ ብለው ይለያሉ፤ ቀጥለውም ከሦስቱም አንድ አንድ አጣምረው ገበታ ይሠራሉ። ክብደቱ ያለው ሁለተኛው ሥራ ላይ ነው። መለየት ብቻውን ሽምደዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ካርዶቹ

ካርቶን በ15 በ20 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው 48 ካርድ ያዘጋጁ። እያንዳንዱን ላይኛው ጠርዝ ላይ በስተው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ሲባጎ ያስሩበት። ሥዕሉ ካርዱን ይሙላ፣ ስሙ ከሥር በጉልህ ይጻፍ። ሁሉም ካርድ በአንድ ቀለም ይጻፍ። ምድቦቹ በቀለም ከተለዩ ልጆቹ ቀለሙን እንጂ ምግቡን አያዩም። ሽሮውንና ምስሩን በሳህን ይሳሉ እንጂ እንጀራ ላይ አይሳሉ፤ አለበለዚያ አንድ ካርድ ላይ ሁለት ምድብ ይገባል።

ኃይል ሰጪ፦ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቂጣ፣ አምባሻ፣ ገንፎ፣ ቂንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ቆጮ፣ ቡላ፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬ።

ሰውነት ገንቢ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ አተር ክክ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄ፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ የበሬ ሥጋ፣ የዶሮ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ጉበት።

በሽታ ተከላካይ፦ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ዱባ፣ ቲማቲም፣ ፎሶሊያ፣ ቃሪያ፣ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ አቮካዶ።

ከነዚህ ሌላ ሰባት ካርዶች በእጅዎ ይቆዩ፦ ዘይት፣ ቅቤ፣ ማር፣ ንፍሮ፣ ሻይ፣ ከረሜላ፣ ለስላሳ። ልጆቹ በአካባቢያቸው አይተውት የማያውቁት ምግብ ካለ ከዚያው ምድብ በሚያውቁት ይተኩት። ሦስቱ ምድቦች ግን እኩል 16፣ 16 ይሁኑ። ሦስት ተማሪ ከቀረ ከየምድቡ አንድ ካርድ ያውጡ። ቁጥሩ ለሦስት ካልተካፈለ የተረፉት አንድ ወይም ሁለት ልጆች ዳኛ ይሁኑ።

አንደኛ ዙር፦ ገበያ (12 ደቂቃ)

መሬት ላይ በኖራ ሦስት ሰፋፊ ክብ ያስምሩ። በመካከላቸው ቢያንስ አምስት እርምጃ ይኑር፤ ከተቀራረቡ ግፊያ ይነሳል። በመጀመሪያው ክብ ውስጥ የሚሮጥ ልጅ፣ በሁለተኛው የሚያድግ ችግኝ፣ በሦስተኛው ጋሻ ይሳሉ።

ካርዶቹን አደባልቀው ያድሉ። እንዲህ ይበሉ፦

«ልጆች፣ ‹ገበያ!› ስል እየተዘዋወራችሁ የጓደኞቻችሁን ካርድ አንብቡ። ፊሽካ ሲነፋ ግን እያንዳንዳችሁ ወደ ክባችሁ ትገባላችሁ። በእርምጃ ነው፤ የሮጠ ይመለሳል። ራሳችሁን ጠይቁ፦ እኔ ከሁሉ በላይ የምሰጠው ምንድን ነው?»

«ከሁሉ በላይ» የሚለው አይዘለል። ጤፍ ብረትም ፕሮቲንም ስላለው «እንጀራም ይገነባል» የሚል ልጅ አይሳሳትም። እንጀራ ኃይል ሰጪ ክብ ውስጥ የሚቆመው በብዛት የሚሰጠን ኃይል ስለሆነ ነው።

ብዙ ልጆች ጓደኛቸው የሄደበትን ተከትለው ይገባሉ። ስለዚህ ሁሉም ከቆመ በኋላ ጎን ለጎን ያሉት ካርዳቸውን ይለዋወጡና አንዱ የሌላውን ይመርምር፦ «አንተ እዚህ ትቆማለህ? ለምን?»

ክርክር የሚያስነሱት ካርዶች የታወቁ ናቸው፤ ቸኩለው መልሱን አይስጡ። ድንች ከአትክልት ጋር ቢሸጥም በስታርች የበለጸገ ስለሆነ ኃይል ሰጪ ነው። ካሮትም ከመሬት ይወጣል፣ እሱ ግን ለዓይን የሚረዳው ቫይታሚን ኤ የሚገኝበት ስለሆነ ተከላካይ ነው። ስለዚህ «ሥር ሁሉ ኃይል ሰጪ ነው» የሚል ደንብ አያስተምሩ። ፎሶሊያ የቦሎቄ ዘመድ ቢሆንም የምንበላው ለጋውን ከነቆቡ ስለሆነ አትክልት ነው። ለውዝ ዘይት ቢኖረውም ፕሮቲኑ ብዙ ስለሆነ ገንቢ ውስጥ ይቆማል። ሙዝና አቮካዶም ኃይል ይሰጣሉ፤ በዚህ ጨዋታ ግን ከፍራፍሬ ወገኖቻቸው ጋር ይሰለፋሉ።

ሁለተኛ ዙር፦ ገበታ (15 ደቂቃ)

«አሁን ከሦስቱም ክብ አንድ አንድ ሆናችሁ ገበታ ሥሩ። ሦስት ደቂቃ አላችሁ።» 16 ገበታ ይወጣል። ሦስቱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቀመጡና «እኛ እንጀራ፣ ምስርና ጎመን ነን» እያሉ ያስተዋውቁ።

መጀመሪያ ላይ በሶ፣ ጉበትና ፎሶሊያ አንድ ላይ ተቀምጠው ያገኛሉ። ከሦስቱም ምድብ አንድ አንድ ስላለ ምድቡን አሟልቷል፤ ግን ማንም እንዲህ አይበላም። ስለዚህ የሁለት ደቂቃ ልውውጥ ይፍቀዱ፦ ማንኛውም ገበታ አንድ አባሉን ከሌላ ገበታ ከተመሳሳይ ምድብ መለወጥ ይችላል። «በቤታችን አብረው ይቀርባሉ?» የሚለው ጥያቄ ይምራቸው። ቂንጬ፣ ወተትና ሙዝ ለቁርስ ይሆናሉ፤ ገንፎ፣ እርጎና ፓፓያም እንዲሁ። ፍራፍሬ ከምግብ በኋላ የሚበላ ሆኖ ይቆጠራል። ከልውውጡ በኋላ አንድ ሁለት ገበታ ሳይስማማ ቢቀር አያስጨንቅ፣ ክፍሉ መፍትሔ ይፈልግለት።

እዚህ ላይ አንድ ገበታ አስነስተው ቀረብ ብለው ያሳዩ፦ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ቲማቲም። ተከላካዩ ልጅ ይነሳ። «ምን ጎደለ?» እንጀራ በሽሮ ያጠግባል፣ ይገነባልም። ነገር ግን ጥሬ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ሲጨመር በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነታችን ከሽሮውና ከእንጀራው ብረቱን እንዲወስድ ይረዳል። ብዙ ምሳ ላይ የሚጎድለው ይህ ሦስተኛው ነው።

ቀጥሎ «ዛሬ ጾም ነው» ይበሉ። እንቁላል፣ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ የበሬና የዶሮ ሥጋ፣ ጉበት ከገበታቸው ይነሱና ዳር ይቁሙ። ስለ ዓሣ የየቤቱ ልማድ ስለሚለያይ ካርዱን የያዘው ልጅ እንደ ቤቱ ይወስን። ገንቢ የጎደለበት ገበታ ጥራጥሬ ካለበት ጋር ይቀላቀላል። እዚህ ላይ ከገንቢዎቹ ግማሾቹ ጥራጥሬና ለውዝ እንደሆኑ በዓይናቸው ያያሉ። ሥጋ በየጊዜው ለማይገዛበት ቤትም ይህ እውቀት ያገለግላል።

ሦስተኛ ዙር፦ የመምህሩ ካርዶች (8 ደቂቃ)

ንፍሮን ከፍ አድርገው ያሳዩ። የስንዴና የሽምብራ ከሆነ ስንዴው ኃይል ሰጪ፣ ሽምብራው ገንቢ ነው፤ አንድ ልጅ አንድ እግሩን በዚህ፣ አንድ እግሩን በዚያ ክብ ያቁም። ቅቤ ከወተት ቢወጣም ስብ ስለሆነ ከዘይትና ከማር ጋር ኃይል ሰጪ ዘንድ ይሄዳል፤ ሦስቱም በጥቂቱ የሚጨመሩ ናቸው። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረቱ በደንብ እንዳይወሰድ ስለሚያደርግ ከገበታ ራቅ ብሎ ይቆማል። ከረሜላና ለስላሳ ስኳር ብቻ ስለሆኑ የማንም ገበታ አባል አይደሉም፤ አልፎ አልፎ የሚመጡ እንግዶች ይበሏቸው እንጂ «መርዝ» አይበሉ። ቤቷ ሱቅ የሆነ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ልትኖር ትችላለች።

በጨዋታው መካከል «ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?» ብለው ፈጽሞ አይጠይቁ። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ በጓደኞቹ ፊት አንገቱን ያስደፋዋል። ጥያቄው ሁልጊዜ ስለ ካርዱ ይሁን።

ማጣሪያ (5 ደቂቃ)

ደብተራቸው ላይ ሦስት ጥያቄ ይመልሱ፦

1. ዳቦና ሻይ ብቻ ላለበት ገበታ ምን ምን ትጨምራለህ/ትጨምሪያለሽ? (ከገንቢ አንድ፣ ከተከላካይ አንድ፤ ለምሳሌ እንቁላልና ብርቱካን።)
2. ሩዝ፣ ድንችና መኮሮኒ አንድ ላይ ቢቀርቡ ሙሉ ገበታ ይሆናሉ? (አይሆኑም፤ ሦስቱም ኃይል ሰጪ ናቸው።)
3. የጾም ገበታ ሥራ/ሥሪ። (ለምሳሌ ቆጮ፣ ባቄላ፣ ጎመን።)

ሁለተኛውን ከክፍሉ ሩብ በላይ ከሳተ ልጆቹ የምግቡን ዓይነት ብዛት እንጂ ምድቡን እየቆጠሩ አይደለም ማለት ነው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንደኛውን ዙር ዘለው ገበታውን ብቻ ይድገሙት፤ ካርዶቹም ዳግመኛ ተደባልቀው ይታደሉ።