ዒድ ሙባረክ፣ ከፍራንክፈርት እስከ ወሎ

ዒድ ሙባረክ ወገኖቼ! ይሄ የዘንድሮ የዐረፋ ማዕዳችን ነው። ቀይ ወጡን እህቴ ሠራችው፣ ጥብሱ የባለቤቴ ነው፣ በርበሬው ደግሞ እማ ከደሴ በሰው የላከችልን። ያለ እሱ በዓል በዓል አይሸትም።

ኡድሂያችን ግን የታረደው እዚያው አገር ቤት ነው። ሐይቅ ያሉት አጎታችን በጉን ራሳቸው መርጠው፣ ራሳቸው አርደው፣ ሥጋውን ሦስት ቦታ ከፍለው አንዱን ለቤት፣ አንዱን ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱን ለተቸገረ አደረሱልን። አጎቴ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ እኛ በሌለንበት እኛን ሆነው ነው የዋሉት።

ወሎ ውስጥ ዐረፋ ማለት ሰው ከያለበት፣ ከአዲስ አበባውም ከአረብ አገሩም ተሰብስቦ ቤቱ የሚገባበት በዓል ነው። ለዚህ ነው ቀኑ እዚህ ሲያገኘን የሚከብደን። ሆኖም እማ፣ ቡናው ተፈልቶ ዱዓሽን በስልክ ስንሰማ ልጆቹ ሳይቀሩ እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» ብለዋል። ትንሿ ከሁሉም በላይ ጮኻ ነው ያለችው!

እትዬ ጎረቤታችን፣ ዛሬ ጠዋት እማን «እንኳን አደረሰሽ» ለማለት ቀድመው የደረሱት እርስዎ ነዎት አሉን። ለፋሲካ እማ እርስዎ ቤት፣ ለዐረፋ እርስዎ እማ ቤት፣ ኑሩልን። ጅዳ ያለኸው ወንድማችን፣ ለከርሞ ኢንሻአላህ ሁላችንም ደሴ ነን፣ ፈቃድህን ካሁኑ ጠይቅ።

አገር ቤት ያላችሁ፣ የዛሬን ፎቶ ላኩልን፣ በተለይ የሕፃናቱን።