የግል መግለጫ፦ ለጤና ኢንፎርማቲክስ ሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ዕድል

ለትምህርት ዕድል መራጭ ኮሚቴ፣

ስሜና አድራሻዬ በማመልከቻ ቅጹ ላይ ስለሰፈሩ እዚህ አልደግማቸውም። የተወለድኩት ደሴ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ኻርቱም፣ አንደኛ ደረጃን በአብዛኛው የተማርኩት ጅዳ፣ ስምንተኛ ክፍል የገባሁት ደግሞ በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። ወላጆቼ ሥራ ወደተገኘበት ይሄዱ ነበር፣ እኛም አብረን እንሄዳለን። ከሳዑዲ የተመለስነውም በዚያ ዓመት ከተመለሱት እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ጋር ነው። ይህን የማነሳው ኮሚቴው እንዲያዝንልኝ ወይም መመዘኛው እንዲላላልኝ ብዬ አይደለም። አሁን በምሠራው ሥራ ላይ በየቀኑ የሚጠቅመኝ እውቀት ከዚያ ስለመጣ ነው።

የምሠራው በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በጤና መረጃ ባለሙያነት ነው። ከካርድ ክፍልና ከየክፍሉ መዝገብ የሚመጣውን ቁጥር አጣርቼ ዲኤችአይኤስ-2 ወደሚባለው የጤና መረጃ ሥርዓት አስገባለሁ፤ በየወሩም ከሪፖርቱ 12 የመረጃ ነጥቦችን በዕጣ መርጬ ከመዝገቡ ጋር አመሳክራለሁ። ልዩነት ሲገኝ አብዛኛው ሰው የሚጠረጥረው የመደመር ስህተትን ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ስሙን ነው። አንድ ሰው ከአገር አገር ሲዘዋወር ወረቀቱ ላይ የሚለዋወጡት እነዚህ ሦስቱ ናቸውና።

ከቀን ልጀምር። መስከረም 5 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በመዝገብ 05/01/2016 ተብሎ ይጻፋል። ይህ ቁጥር የፈረንጆችን አቆጣጠር በሚጠብቅ ቅጽ ላይ እንዳለ ከገባ ሕፃኑ በጃንዋሪ 2016 የተወለደ ይሆንና ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በላይ ዕድሜ ይጨመርለታል። ትክክለኛው ልደቱ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2023 ነው። ኮምፒዩተሩ ስህተቱን አይናገርም፤ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ያለ ቀን ነውና ዝም ብሎ ይቀበለዋል። የሚታወቀው ሕፃኑ ከአንድ ዓመት በታች ከሆኑት የክትባት ዝርዝር ውስጥ ሲጠፋ ነው። በጳጉሜን የተወለደ ልጅ ደግሞ የባሰ ነው። የወር ምርጫው 12 ብቻ በሆነበት ቅጽ ላይ ጳጉሜን ስለማትገኝ አንዱ መዝጋቢ ነሐሴ 30፣ ሌላው መስከረም 1 ብሎ ይሞላዋል፤ ያው ልጅ በሁለት ክፍል ሁለት ልደት ይኖረዋል። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ነበረችው። በዚያ ዕለት ለተወለዱት 5 ብቻ የሚቀበል ቅጽም ቦታ የለውም።

የወር ሪፖርታችን ከ21 እስከ 20 ስለሚቆጠር ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው ጊዜ ጳጉሜንን ጨምሮ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። የመስከረም ተመላላሽ ታካሚ ቁጥር ከነሐሴው ሲበልጥ አንዳንዴ የጨመረው ታካሚ ሳይሆን ቀኑ ነው። ስለዚህ በአፈጻጸም ክትትል ስብሰባ ላይ የማቀርበው ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ሳይሆን በቀን የሚደርሰውን አማካይ ጭምር ነው።

ከዐረብ አገር የተመለሱ እናቶች ይዘውት የሚመጡት የክትባት ካርድ የራሱ አነባበብ አለው። በዐረብኛ አጻጻፍ የአምስት ቁጥር ክብ ስለሆነ ዜሮ መስሎ ይነበባል፤ ዜሮው ደግሞ ነጥብ ብቻ ነው፤ ስድስቱን ለዓይን ከእኛ ሰባት ጋር ማምታታት ቀላል ነው። ቀኑ በሂጅራ የተጻፈ ከሆነ ዓመቱ 354 ወይም 355 ቀን ብቻ ስለሆነ በስሌት ግምት መቀየር አይቻልም፤ የቀን መለወጫ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ ውጤቱም እናትየዋ በምታስታውሰው ወቅት መረጋገጥ አለበት። ረመዳን ላይ ነበር ወይስ ከሐጅ በኋላ ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ከሠንጠረዡ እኩል ይጠቅማል። እኔ ይህን የምጠይቀው በእናትየዋ ቋንቋ ነው፤ የሱዳንንም የሒጃዝንም የአነጋገር ዘዬ እናገራለሁ፣ ዐረብኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁም።

ካርዱ በትክክል ከተነበበ በኋላም ሌላ ጉዳይ አለ። እኛ ጋ አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ የሚከላከለው የፔንታ ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። በሳዑዲ ተመሳሳዩ ክትባት የሚሰጠው በ2፣ በ4 እና በ6 ወር ነው። ስለዚህ በሦስት ወር ዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ተከትቦ የመጣ ሕፃን በዚያ አገር መርሐ ግብር ሳያጓድል የተከተለ ነው፤ በእኛ ካርድ ላይ ግን ያቋረጠ ይመስላል። እናትየዋን "ለምን አልመጣሽም" ብሎ መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ የሚሻለው ካለበት ቆጥሮ ቀጣዩን ቀጠሮ መስጠት ነው። ከሪፖርት አንጻር ደግሞ ውጭ አገር የተሰጠው መጠን በሕፃኑ ካርድ ላይ ይመዘገባል እንጂ የእኛ ጤና ጣቢያ ሥራ ሆኖ አይቆጠርም። ሆኖም ሦስተኛውን እኛ ስንሰጥ እርሱ ይቆጠራል። እንዲህ ያሉ ሕፃናት ሲበዙ ፔንታ ሦስት ከፔንታ አንድ ይበልጥና የማቋረጥ ምጣኔው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ይህን ያየ ተቆጣጣሪ መጀመሪያ የሚያስበው ቁጥሩ ተፈብርኳል ብሎ ነው። ከሪፖርቱ ጋር ከሌላ ቦታ ጀምረው የመጡትን ለይቶ የሚያሳይ አንድ መስመር ማስታወሻ ማያያዝ ጥርጣሬውን ያስቀራል።

ሰዓትን በአጭሩ ልለፈው። በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት በሌላው 2 ሰዓት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሚያምታታው ቀኑ የቱ ነው የሚለው ነው። ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት የተወለደ ሕፃን በአንድ መዝገብ የማክሰኞ፣ በሌላው የረቡዕ ይሆናል፤ ከወሊድ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚደረገው ምርመራ በጊዜው ተደርጎ እንኳ የዘገየ ሊመስል ይችላል። በሪፈር ወረቀት ላይም ሰዓቱ በቁጥር ብቻ ሲጻፍ መድኃኒቱ መቼ እንደተሰጠ ለተቀባዩ ሐኪም ግልጽ አይሆንም። "ጠዋት" ወይም "ሌሊት" የምትል አንዲት ቃል መጨመር ይበቃል።

ስም ከሁሉም ይከብዳል፤ በሁለተኛ ዲግሪ ላጠናው የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ካርዱን የጣለ ታካሚ ሲመጣ ካርድ ክፍሉ በስሙ ይፈልጋል። መጀመሪያ "ፀሐይ" ተብላ የተመዘገበች ሴት በኋላ "ጸሀይ" ተብላ ስትፈለግ ለኮምፒዩተሩ ሌላ ሰው ናት። "ገብረ መድኅን"፣ "ገብረመድህን" እና "ገ/መድህን" ሦስት ሰው ይሆናሉ። ከውጭ የተመለሰ ሰው ላይ ሲደርስ ነገሩ ይደራረባል። ዐረብኛ የ"ጴ" ድምፅ ስለሌለው ጴጥሮስ እዚያ ቡጥሮስ ሆኖ ይጻፋል። የአያት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ስለሚወሰድ በመታወቂያው የመጨረሻ ስም የሚፈልግ ሰው አባቱን ዘሎ አያቱን ይጠራል። ታካሚው አልተገኘም ተብሎ አዲስ ካርድ ይወጣለታል። የቀደመው የምርመራ ውጤት፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ የጀመረው የክትትል ታሪክ ሁሉ በአሮጌው ፎልደር ይቀራል።

ላጠና ያሰብኩት በአማርኛ ስሞች ላይ የተመሠረተ የታካሚ መዝገብ ማመሳከሪያ ዘዴ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የስሙ ቅጂ ይዘጋጃል፤ በእሱ ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዝርያዎቻቸው ይቀየራሉ። ታካሚው ራሱ የጻፈው ስም ግን ሳይነካ ይቀመጣል፤ ሰው ስሙን እንደጻፈው ማየት መብቱ ነው። ቀጥሎ ወ/ሮ፣ አቶ፣ ሐጂ የመሳሰሉት ማዕረጎች ይወጣሉ፤ በእዝባር ያጠሩት ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ ይዘረዘራሉ፤ ክፍተቱ ይዘጋል። ከዚያ ስም ብቻውን ስለማይበቃ የእናት ስም፣ የልደት ዓመት፣ ወረዳና ስልክ ተጨምረው ይመዘናሉ። የልደት ዓመቱ ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ከሆነ ዘዴው ሁለቱን መዝገቦች ተለያዩ ብሎ አይጥልም፤ የአቆጣጠር መምታታት ሊሆን ስለሚችል ለማጣራት ያቀርባቸዋል።

በዚህ ሥራ ላይ አጥብቄ የምይዘው አንድ አቋም አለኝ። ሁለት መዝገቦችን አንድ የሚያደርገው ሰው እንጂ ማሽን መሆን የለበትም። የአንድ ሰው መዝገብ ለሁለት ቢከፈል ጊዜና ምርመራ ይባክናል፤ የሁለት ሰዎች መዝገብ ቢቀላቀል ግን አንዱ የሌላውን መድኃኒት ሊወስድ ይችላል። በአማርኛ ስሞች ደግሞ ይህ ቅርብ አደጋ ነው፤ በአንድ ወረዳ ሙሐመድ አሕመድ ወይም አበበ ከበደ ስንት እንዳሉ ካርድ ክፍል የሠራ ያውቀዋል። ስለዚህ ዘዴው ተቀራራቢዎቹን በቅደም ተከተል ያቀርባል፤ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ታካሚውን ፊት ለፊት ጠይቆ ይወስናል፤ ውሳኔውም ከተሳሳተ እንዲቀለበስ ተመዝግቦ ይቀመጣል።

ይህን በራሴ እውቀት ብቻ ማድረስ አልችልም። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በጤና ኢንፎርማቲክስ ሲሆን ሪፖርትና የመረጃ ጥራት ላይ ጥሩ መሠረት ሰጥቶኛል። የሚቀረኝ የማመሳከሪያውን ውጤት በትክክል ለመለካት የሚያስችል ባዮስታቲስቲክስ፣ ጠለቅ ያለ የዳታቤዝ ንድፍ፣ እንዲሁም ኤችኤል7 ፋየር በሚባለው የመረጃ መለዋወጫ ስታንዳርድ ላይ የተግባር ሥራ ነው። ለጥናቱ የታካሚ መረጃ የምጠቀመው በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ዘዴውንም መጀመሪያ የምፈትነው ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጁ የምናብ ስሞች ላይ ነው።

ስፖንሰርሺፑ የሚጠይቀውን የአገልግሎት ግዴታ አንብቤ ተቀብያለሁ። ከምረቃ በኋላ ከስደት ተመላሾችና ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ ሠራተኞች በብዛት በሚገለገሉበት ጤና ተቋም ብመደብ እመርጣለሁ፤ ኮምቦልቻም ሆነ መተማ ለመሄድ ዝግጁ ነኝ። የመሥሪያ ቤቴ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የትምህርት ማስረጃዬና የዐረብኛ ጽሑፍ ፈተና ውጤቴ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። በዐረብኛው ማስረጃ ላይ ስሜ በአራት ክፍል የተጻፈው በዚያ አገር አሠራር ምክንያት ስለሆነ ከቅጹ ጋር ሲመሳከር ሁለተኛውና ሦስተኛው የአባቴና የአያቴ ስም መሆናቸው ይታይልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አመልካች