ወንዙ ዳር ሊተከል ስለታሰበው ቆዳ ፋብሪካ፦ ጥናቱ ምን ይላል?

ጎረቤቶች፣ ሞጆ ወንዝ ዳር ሊሠራ የታሰበው ቆዳ ፋብሪካ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ ቀበሌ ተቀምጧል። 212 ገጽ ነው። ያን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ስለማይኖር ሦስት የኮሚቴ አባላት ሆነን አንብበን አሳጥረነዋል።

ትልቁ ጉዳይ ውሃ ነው። ፋብሪካው በቀን 10 ቶን ቆዳና ሌጦ ያለፋል፤ ለዚህም ከራሱ ጥልቅ ጉድጓድ 350 ሜትር ኩብ ይስባል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 17,500 ጀሪካን መሆኑ ነው፣ በየቀኑ! በእጅ የቆፈርናቸው ጉድጓዶች ውሃቸው በበጋ ሊሸሽ እንደሚችል ጥናቱ ራሱ አምኗል። የእኔ 9 ሜትር ነው፤ አሁንም መጋቢት ሲገባ ባልዲው የሚያወጣው ግማሹን ጭቃ ነው። ጉድጓድ ከደረቀ ቦኖ ይተከላል ተብሏል። መቼ? አልተጻፈም።

ቀጥሎ ፍሳሹ። ጸጉሩን ለማንሳት ኖራና ሰልፋይድ፣ ለማልፋት ደግሞ ክሮም ይጠቀማሉ። ሰልፋይድ ያለበት ውሃ ከክሮሙ አሲዳማ ውሃ ጋር ከተቀላቀለ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል፣ ሲበዛም ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ሁለቱን በተለያየ ቱቦ እናስኬዳለን ብለዋል። ቆዳው ላይ ሳይዝ የሚቀረውን ክሮም አዝቅጠው መልሰው ይጠቀሙበታል። የቀረው ፍሳሽ አየር በሚነፋባቸው ገንዳዎች ተጣርቶ ወንዝ ይገባል፣ ወንዙም ቆቃ ይገባል። ዝቃጩ ወለሉ በፕላስቲክ የተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል።

በወረቀት ደረጃ ጥሩ ነው፣ አንዋሽም። ግን ገጽ 143ን እዩት። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚያስነሳቸው ማሽኖች ተዘርዝረዋል፦ ቆዳው የሚለፋባቸው ከበሮዎች፣ ማድረቂያው፣ የቢሮው መብራት ሳይቀር አለ፤ የማጣሪያው አየር መንፊያ ግን የለም። መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግራችሁም። ማምረቻው እየሠራ ማጣሪያው ከቆመ ፍሳሹ የት ይሄዳል? እኛ በግልጽ እንዲጻፍ የምንፈልገው ማጣሪያው ሲቆም ምርቱም እንዲቆም ነው።

ሽታው በተለይ ጠዋት ጠዋት፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ከአጥሩ 180 ሜትር ላይ ላሉት ቤቶች እንደሚደርስ ተገምቷል። መፍትሔ የተባለው ዛፍ መትከል ነው። ዛፉ እስኪያድግ አፍንጫችንን ይዘን እንጠብቅ እንግዲህ። ሥራ 140 ሰው ይቀጠራል፣ ቅድሚያ ለአካባቢው ተብሏል፤ ቁጥር ግን አልተቀመጠለትም።

አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል፤ ስለዚህ መጠየቃችን ውለታ አይደለም። ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት 8 ሰዓት ቀበሌ አዳራሽ ነው። ጉድጓድ ያላችሁ ጥልቀቱንና አሁን ውሃው ያለበትን ለክታችሁ ጻፉና አምጡ፤ ዛሬ ካልተለካ ነገ «ድሮም ደረቅ ነበር» ይሉናል።