የጡረታው ገንዘብ

ጡረታ የወጡት የሒሳብ ሠራተኛ ወረቀቱን ለልጃቸው አቀበሏት። «በወር 20 በመቶ ትርፍ፣ ያውም ዋስትና ያለው! የቀድሞ ባልደረባዬ ሁለት ጊዜ ተከፍሎታል።»

ልጅቱ አልተቆጣችም፤ እርሳስ አነሳች። «እስቲ እናስላው፣ አባባ። ትርፉ በዋናው ላይ እየተደመረ በዚህ ፍጥነት ካደገ፣ በዓመቱ ዘጠኝ እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። እንዲህ ማትረፍ የሚችል ሰው ከባንክ ተበድሮ ብቻውን አይከብርም? የእርስዎን ቁጠባ ለምን ይለምናል?»

«ለባልደረባዬ ግን ከፍለዋል።»

«ከማን ገንዘብ? እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1920 ቻርልስ ፖንዚ ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ ነበር፤ ለቀደሙት የከፈለው ኋላ የመጡት ካስገቡት ነው። እኔ ብከስር ሠርቼ እተካዋለሁ፤ እርስዎ ግን የሚተኩበት ደመወዝ የለዎትም። ሁሉም ቢጠፋ በምን ይኖራሉ?»

አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁጥር አምነው የኖሩ ሰው ናቸው። ስሌቱን በራሳቸው እጅ ደግመው ሠሩት፤ ያው ሆነ።

«እስከ ነገ ካልከፈልህ ቦታው ይሞላል ብለውኛል» አሉ ቀስ ብለው።

«የሚያጣድፉት እንዳያጣሩ ነው።»

ስልካቸውን አነሱ። «ለባልደረባዬ ልደውልለት። የተከፈለውን መልሶ ሊያስገባ ነበር።»