በመኖሪያ ቤት ለሚካሄድ የዳቦ መጋገሪያ ሥራ የቀረበ የንግድ ዕቅድና የብድር ጥያቄ

ለብድር ኮሚቴው፤
ባሕር ዳር፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

የጥያቄው ይዘት

እኔ አመልካቿ በባሕር ዳር ከተማ ፖሊ ግቢ አካባቢ በራሳችን መኖሪያ ቤት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዳቦ እየጋገርኩ ለጎረቤትና ለሻይ ቤቶች የምሸጥ፣ ለበዓልና ለድግስም ድፎ ዳቦ በትእዛዝ የማዘጋጅ ነጋዴ ነኝ። የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለኝ። አሁን የምጠይቀው ብድር 250,000 ብር ሲሆን፣ በ24 ወራት ውስጥ በየወሩ እኩል ክፍያ ተከፍሎ እንዲያልቅ፣ ከዚያም በፊት ለአንድ ወር ወለድ ብቻ የሚከፈልበት የእፎይታ ጊዜ እንዲሰጠኝ ነው። ተቋሙ በገለጸልኝ መሠረት በዓመት 18 በመቶ ወለድ በቀሪ ዕዳ ላይ ሲታሰብ፣ በእፎይታው ወር 3,750 ብር፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየወሩ 12,481 ብር እከፍላለሁ።

ይህ ክፍያ በወር 26 የሥራ ቀናት ሲካፈል በቀን ከ500 ብር በታች ነው። ዕቅዱ በሙሉ የተሠራው አንድን ጥያቄ ለመመለስ ነው፤ ይህ 500 ብር ከዱቄት መግዣው፣ ከሠራተኛዋ ደመወዝና ከቤታችን ቀለብ ሳይነካ በየቀኑ ይገኛል ወይ?

ሥራው አሁን ያለበት ደረጃ

በአሁኑ ጊዜ በቀን 12 ኪሎ ያህል ዱቄት በእጄ አቡክቼ በአነስተኛ የቤት ምድጃ እጋግራለሁ። ከዚህም 180 ያህል ዳቦ ይሸጣል፤ 100ው በቤቴ መስኮት፣ 80ው ደግሞ ለሁለት ሻይ ቤቶች። የመስኮቱ ዳቦ አብዛኛውን ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ስለሚያልቅ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው የሚመለሱ እናቶች ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። ስለዚህ ሽያጩን የገደበው የገዢ እጥረት ሳይሆን የእጅና የምድጃ አቅም ነው። የዕለት ሽያጩንና ወጪውን የምመዘግብበት ደብተር ስላለኝ ኮሚቴው በማንኛውም ጊዜ ሊመለከተው ይችላል፤ የዚህ ዕቅድ ቁጥሮችም የተነሡት ከእርሱ ነው።

ብድሩ የሚውልበት

ከብድሩ 130,000 ብር በአገር ውስጥ ለተሠራ ባለ ሁለት ደርብ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ 70,000 ብር ለሊጥ ማቡኪያ ማሽን፣ 14,000 ብር ለኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታና ለመከላከያ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ቀሪው 36,000 ብር ለ4 ኩንታል የፉርኖ ዱቄት ይውላል። ምድጃውን የመረጥኩት አሁን ቤታችን ባለው የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሊሠራ የሚችል በመሆኑ ነው። ትልቁን ምድጃ ብመርጥ ቆጣሪ ማስቀየር ያስፈልገኝ ነበር፤ ማሽኑ ተገዝቶ ቆጣሪ እየተጠበቀ የብድር ወለድ እንዲቆጠር አልፈልግም።

በራሴ በኩል ከቁጠባዬ 85,000 ብር መድቤ፣ ከዚህ ውስጥ 60,000 ብሩ የጓሮውን ክፍል ወለል በሲሚንቶ ለማስደረግ፣ የውኃ ታንከር ለመግዛትና መደርደሪያና መጋገሪያ ትሪ ለማሠራት ወጥቷል። የቀረው 25,000 ብር በባንክ ተቀምጦ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠባበቂያ ይሆናል።

ምርትና ገበያ

በአዲሱ ምድጃ በቀን 40 ኪሎ ዱቄት እጋግራለሁ። ለዚህ ዱቄት 23 ሊትር ያህል ውኃ፣ እርሾ፣ ጨውና ጥቂት ዘይት ሲገባ 64 ኪሎ ያህል ሊጥ ይወጣዋል፤ አንዱ ድቡልቡል 100 ግራም ሲመዘን 640 ዳቦ ይሆናል። በገቢ ስሌቱ ግን የያዝኩት 600 ብቻ ነው፤ የሚያርረውን፣ የሚሰባበረውንና ቤት የሚበላውን ከወዲሁ ቀንሻለሁ። ምድጃው በአንድ ጊዜ 96 ዳቦ ስለሚይዝና አንዱ ዙር ከማስገባቱ ጋር 25 ደቂቃ ስለሚወስድ፣ ሁሉም በሰባት ዙር በሦስት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ማቡካቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይጀመራል፣ ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ይጋገራል፣ 12 ሰዓት ሲሆን ዳቦው ትኩስ እንደሆነ ሻይ ቤቶቹ ጋ ይደርሳል።

የገበያው ቁልፍም ይህ ሰዓት ነው። በአካባቢው የሚገኙ ሻይ ቤቶችና ሱቆች ዳቦ የሚደርሳቸው ዘግይቶ፣ ተማሪውና የቀን ሠራተኛው ቁርሱን በልቶ ካለፈ በኋላ መሆኑን ደጋግመው ነግረውኛል። ዘጠኝ አዳዲስ ገዢዎች በቀን በድምሩ 410 ዳቦ ለመውሰድ በጽሑፍ አረጋግጠውልኛል፤ እኔ በዕቅዱ የቆጠርኩት 370ውን ነው። ከነባሮቹ ሁለት ሻይ ቤቶች ጋር በጅምላ 450 ዳቦ በ8 ብር ከ50፣ በመስኮት ደግሞ 150 ዳቦ በ10 ብር ይሸጣል። የቀን ገቢው 5,325 ብር ይሆናል ማለት ነው። ለጅምላ ገዢዎች ከአንድ ቀን ያለፈ ዱቤ አልሰጥም፤ ባጃጁ ዳቦውን ሲያደርስ የትናንቱን ሒሳብ ተቀብሎ ይመለሳል፣ የትናንቱን ያልከፈለም የዛሬውን አይወስድም።

ከዚህ ሌላ የድፎ ዳቦ ትእዛዝ አለ። ይህን ሥራ ከእናቴ የተማርኩት ሲሆን፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ገብቶበት የሚጋገረው ድፎ ለማኅበር፣ ለክርስትና፣ ለሰርግና ለተዝካር ይታዘዛል። አንዱን 650 ብር እሸጣለሁ፣ 420 ብር ያስወጣኛል። በወር በአማካይ 30 ትእዛዝ ይዣለሁ፤ በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ሰሞን ከዚህ ይበልጣል፣ ሰርግ በማይኖርበት በዐቢይ ጾም ግን በጣም ይቀንሳል።

ጾም በዳቦ ሽያጭ ላይ ያለው ተጽዕኖ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ስለሚገመት እዚህ ላይ ማስረዳት ይገባኛል። የምጋግረው ዳቦ እንቁላልም ወተትም ቅቤም የሌለበት የጾም ምግብ ነው። በጾም ወራት የጠዋቱ ሽያጭ ሲቀንስ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ያለው ይጨምራል፤ በደብተሬ እንደሚታየው በዐቢይ ጾም የወሩ ድምር ከሌላው ወር ብዙም አይራራቅም። ስለዚህ በጾም ወራት ሊጡን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ቀን ላይ እጋግራለሁ። ይልቁን የሚያሳስበኝ ተማሪዎች ወደየቤታቸው የሚሄዱበት ክረምት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የሻይ ቤቶቹ ፍላጎት እንደሚቀንስ ታሳቢ አድርጌያለሁ።

የወር ገቢና ወጪ

የዳቦ ሽያጭ በ26 ቀን 138,450 ብር፣ የድፎ ዳቦ 19,500 ብር፣ በድምሩ 157,950 ብር ገቢ ይገኛል። ከወጪ በኩል ትልቁ ዱቄት ነው፤ አንዱ ኩንታል በ9,000 ብር ሒሳብ 1,040 ኪሎ 93,600 ብር ይፈጃል። እርሾ፣ ጨውና ዘይት 8,320፣ ለድፎ ዳቦ የሚወጣው 12,600፣ መብራትና ውኃ 5,200፣ የአንዲት ረዳት ደመወዝ 6,000፣ የባጃጅ 3,900፣ ለማሸጊያ፣ ለጽዳት፣ ለጥገናና ለግብር የሚቀመጠው 3,600 ብር ነው። የወጪው ድምር 133,220 ብር በመሆኑ 24,730 ብር ይተርፋል። ባለቤቴ መምህር ስለሆነ የቤታችን ወጪ አብዛኛው በእርሱ ደመወዝ ይሸፈናል፤ ከሥራው ለቤት የማወጣው 6,000 ብር ብቻ ነው። ለብድር ክፍያ የሚቀረው 18,730 ብር ሲሆን፣ ይህም የወሩን ክፍያ አንድ ጊዜ ተኩል ይሸፍናል። ከክፍያው በኋላ 6,249 ብር ይቀራል።

ይህን ትርፍ ለመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ምንም ሳልነካ በተቋሙ በምከፍተው የቁጠባ ሒሳብ አስቀምጣለሁ። በአራተኛው ወር መጨረሻ የሁለት ወር ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ተጠራቅሞ ይገኛል፤ ክረምቱንም የማልፈው በዚህ ነው።

ነገሮች ባሰብኩት መንገድ ባይሄዱ

የዳቦው ሽያጭ በ17 በመቶ ቢቀንስ፣ ማለትም በቀን ከ600 ወደ 500 ያህል ቢወርድ፣ ትርፉ ያልቃል እንጂ የብድሩ ክፍያ አይጎድልም። በ20 በመቶ ቢቀንስ 1,000 ብር ገደማ ይጎድላል፤ ይህንንም ለቤት ከማወጣው ላይ እቀንሳለሁ። የድፎ ትእዛዝ ከ30 ወደ 10 ቢወርድ የሚታጣው 4,600 ብር ስለሆነ ትርፉ ይችለዋል።

ከሁሉም በላይ ሥራውን ሊጎዳ የሚችለው የዱቄት ዋጋ ነው። በኩንታል 600 ብር ቢጨምር የወሩን ትርፍ በሙሉ ሊበላው ይችላል። በእርግጥ ዋጋው ሲንር ሁሉም ጋጋሪ የዳቦ ዋጋ ማስተካከሉ አይቀርም፤ በአንድ ዳቦ 50 ሳንቲም ቢጨመር በወር 7,800 ብር ስለሚያስገኝ ጭማሪውን ይሸፍናል። ሆኖም ዱቄት ጨምሮ የዳቦ ዋጋ ሳይስተካከል የሚያልፉ ሳምንታት ስላሉ፣ 4 ኩንታሉን ሁልጊዜ በመጋዘን ለማቆየት ወስኛለሁ፤ ይህ ለአሥር ቀን የሚበቃ ነው። ክብደቱን በመቀነስ ዋጋውን አልደብቅም፤ ገዢዬ ዳቦውን በእጁ ሲመዝን የሚያውቅ ሰው ነው።

መብራት ሲጠፋ ያቦካሁት ሊጥ እንዳይኮመጥጥ በጓሮ ያለውን በጭቃ የተሠራ የእንጨት ምድጃ አላፈርስም፤ የሌሊቱን ሊጥ አንድ ሦስተኛ ያህል ያድናል። ሌሊት መጋገሩም ይረዳል፤ በሰፈራችን ኃይሉ የሚዋዥቀው በአብዛኛው ምሽት ሰው ሁሉ በሚያበስልበት ሰዓት ነው። በወር ሁለት ሙሉ ቀን ሥራ ቢቆም የሚታጣው 2,810 ብር ነው። መንገድ በሚዘጋበት ወይም ባጃጅ በማይሠራበት ቀን ደግሞ ከአሥራ አንዱ የጅምላ ገዢዎች ስድስቱ በእግር የሚደረስባቸው በመሆናቸው ሥራው ሙሉ በሙሉ አይቆምም።

ዋስትናና የአከፋፈል ሥርዓት

ለብድሩ ዋስትና የሚሆኑት ምድጃውና ማቡኪያው ናቸው፤ በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ተቋሙ መብቱን እንዲያስመዘግብ ተስማምቻለሁ። በተጨማሪም ባለቤቴ በደመወዙ ዋስ ለመሆን ፈቃዱን በጽሑፍ ሰጥቷል።

ከየዕለቱ ሽያጭ 500 ብር ዱቄት ከመገዛቱ በፊት ተለይቶ ይቀመጣል፤ በየሳምንቱ ሰኞም ወደ ተቋሙ ሒሳብ ይገባል። በ26 ቀን 13,000 ብር ስለሚሆን የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ገንዘብ ፍለጋ የምሄድበት ምክንያት አይኖርም። በአንድ ሳምንት ከ3,000 ብር በታች ካስገባሁ ተቋሙ ወሩ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ጠርቶ ሊጠይቀኝ ይችላል፤ ደብተሬንም ይዤ እቀርባለሁ።

ብድሩ ሲፈቀድ የማሽኖቹ ዋጋ 200,000 ብር በእኔ እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ለሻጩ እንዲከፈል፣ ለመስመር ዝርጋታና ለዱቄት የሚሆነው 50,000 ብር ደግሞ ምድጃው ተተክሎ የተቋሙ ባለሙያ ካየው በኋላ እንዲለቀቅልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የመስመር ዝርጋታውን እስከዚያው በባንክ ካለኝ 25,000 ብር አስጀምረዋለሁ።