ሦስት ቀይ ነጥቦች

አያቴ ካረፈች በኋላ ዕቃዋን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። እናቴ ሞክራ ነበር። ሹራቧን አነሳች፣ አሸተተችው፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ስለዚህ እኔ ቀጠልኩ።

የኮሞዲኖዋ የታችኛው መሳቢያ ድሮም ይይዝ ነበር። ስታገል ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ ወጣ። ከኋላው ተወሽቆ የነበረ ነገርም አብሮ ዱብ አለ። ነጭ መሐረብ ነው፣ በደንብ ታጥፎ በክር ታስሯል። ስፈታው የኪስ ሰዓት ሆኖ አገኘሁት። ብሩ ጠቁሯል። መስታወቱ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል። ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ ነቀነቅኩት። ውስጡ አንድ የላላ ነገር ቅጭል አለ፣ ሌላ ምንም የለም።

እናቴ ከሩቅ አየችውና፣ «የአባቴ ሰዓት ነው» አለች። «ከእጁ ወድቆ ተሰበረ ሲባል እሰማ ነበር።»

አባቷን በደንብ አታስታውሰውም። የሞተው ስድስት ዓመት ሳይሞላት ነው። ለዚህ ይመስለኛል ሰዓቱን ለመንካት እንኳ የፈራችው። እኔ ግን አሠራዋለሁ አልኩ። ለእሷ ስል ነው። ከአባቷ የቀረ አንድ ድምፅ እንድትሰማ ፈለግኩ።

ሰዓት ሠሪው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጠረጴዛቸው ከደረታቸው እኩል ይደርሳል፣ ላዩ ላይ ነጭ ወረቀት ተነጥፏል። ትንሿ ብሎን ብትወድቅ እንድትታይ ነው። ሰዓቱን ሰጠኋቸውና፣ «የአያቴ ነው» አልኳቸው።

ወዲያው አልከፈቱትም። መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ዝም ብለው ያዙት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዞር ዞር እያደረጉ ዳበሱ፣ ዓይነ ስውር ፊት እንደሚዳብስ። ታች፣ ስድስት ቁጥር አጠገብ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«ቆጣሪዎቹ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው የቆሙት» አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አድሬያለሁ። ሰዓቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደተሰበረ፣ በዚያች ደቂቃ ምን ሆኖ እንደነበር።

«እሱ ምንም አይነግርሽም ልጄ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «ከተሰበረ በኋላም መሙያውን ሳብ አድርገሽ ብታዞሪው ቆጣሪዎቹ ይዞራሉ። የሆነ ልጅ ተጫውቶበት ሊሆን ይችላል። ሌላ ቦታ ነው ማየት።»

የኋላ ክዳኑን በቀጭን ቢላ ፈለቀቁት። ከውስጥ ሌላ ክዳን አለ። እሱም ሲከፈት ማሽኑ ታየ። ጠቁሮ እንዳለቀ ብር ጠብቄ ነበር፣ ግን ያብረቀርቃል። ቀያይ ድንጋዮች አሉት፣ የሮማን ፍሬ የሚመስሉ፣ ግን ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጡ። ሰው ሠራሽ ሩቢ ናቸው አሉኝ። የጎማዎቹ ዘንግ ጫፍ እነሱ ውስጥ ነው የሚሽከረከረው፣ ብረት ብረትን እየፈጨ እንዳይበላው።

ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዘውን ጎማ በወረንጦ ነካ አደረጓት። ወደ አንድ ጎን ዘመም አለች። «ይኸው፣ ዘንጓ ተሰብሯል። ጫፏ የፀጉር ያህል ነው የሚወፍረው፣ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ። ደህና ስትሆን በሰከንድ አምስት ጊዜ ትመታለች። ያኔ ድንጋጤ የሚያበርድላት ሞላ አልነበራትም። መሬት ላይ አንዴ ከወደቀች አለቀላት።»

ከዚያ ክዳኑን ወደ መብራቱ አዘነበሉት። «ነይ እዪ።»

በማጉያው አየሁ። የብሩ ገጽ ላይ ከሸረሪት ድር የቀጠኑ ጽሑፎች ተፍቀዋል። ቁጥሮች ናቸው። 38። 41። 44። 47። 50። ከእያንዳንዳቸው ሥር ደግሞ የማይነበብ ፊርማ የመሰለ ነገር።

«እኛ ነን የምንጽፈው» አሉ። ሲሉት ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረ። «ሰዓት ሠሪ አጥቦ ቀብቶ ሲጨርስ ቀኑን እዚህ ይፍቃል። ባለቤቱ አያየውም። ለሚቀጥለው ሠሪ ነው። እነዚህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዓመተ ምሕረቶች ናቸው። 1938 የመጀመሪያው፣ 1950 የመጨረሻው። ሰዓቱ ራሱ ግን ከዚያ ይቀድማል። ይቺን ወፍ አየሻት?»

ከ0.800 ቁጥር አጠገብ ቆቅ የመሰለች ወፍ ተቀርጻለች። የስዊዘርላንድ የብር ማኅተም መሆኗን ነገሩኝ። ከ1934 በኋላ በሌላ ምልክት ስለተተካች፣ ቀፎው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

«አሁን ዓመቶቹን ቁጠሪ። በየስንት ዓመቱ ነው?»

«በየሦስት።»

«በልክ በየሦስት ዓመቱ። ሰው ሰዓቱን ወደኛ የሚያመጣው ሲቆም ነው። ይሄንን ግን ሳይቆም ነው ያመጡት። ይሄ ሰው በሰዓቱ እንጀራውን ይበላ ነበር።» ቀና ብለው አዩኝ። «የአያቴ ነው ብለሻል። የወንዱ ነው የሴቷ?»

«የወንዱ።»

«እንጃ» አሉ። «ለሳምንት ተዪልኝ።»

ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። «የወንዱ» ያልኳት ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። አያት ስንል ሴትም ወንድም ነው፣ ቋንቋችን አይለይም። እኔስ ለምንድን ነው ሳልጠየቅ «የወንዱ» ያልኩት? ሰዓቱ የተገኘው በእሷ መሳቢያ፣ በእሷ መሐረብ፣ በእሷ አስተሳሰር ታስሮ ነው።

ስመለስ ሰዓቱ ተበታትኖ ክዳን ባለው ብርጭቆ ሥር ተደርድሯል። ታጥቧል፣ ግን ገና አልተገጠመም። ሆን ብለው ነው። ሊያሳዩኝ የፈለጉት ነገር አለ።

መጀመሪያ ቀፎውን አሳዩኝ። ስድስት ቁጥር አጠገብ፣ ጣታቸው የቆመበት ቦታ፣ በማጉያ ሲታይ ሁለት ትናንሽ የብየዳ ጠባሳዎች አሉ። «እዚህ ቀለበት ተበይዶ ነበር። ኋላ በሞረድ ተነስቷል፣ ያነሳውም ባለሙያ ነው። የኪስ ሰዓት ቀለበቱ ከላይ በኩል ነው፣ መሙያው ጋ። ታች ሌላ ቀለበት ምን ያደርጋል?»

አላወቅኩም።

«ተገልብጦ እንዲንጠለጠል ነው። ደረትሽ ላይ በመርፌ ቁልፍ ብታንጠለጥዪው፣ ጎንበስ ስትዪ ለአንቺ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ሁለቱም እጅሽ ሥራ ሲይዝ።» ከዚያ ጀርባውን አገላበጡት። «የኪስ ጭረት ደግሞ እዪ። የሳንቲምና የቁልፍ ነው። ሞረዱ የነካው ቦታ ላይ አለ። የብየዳው ቅሪት ሥር ግን አንድም የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ደረት ላይ ነበር፣ ቀለበቱ ተነሳ፣ ከዚያ ኪስ ገባ። ጭረቱም ትንሽ ነው። ኪስ ውስጥ ብዙ አልቆየም።»

የመጨረሻው የሰዓቱ ፊት ነበር። ነጭ ነው፣ ታች በኩል የሰከንድ ትንሽ ክብ አለችው። በዚያች ክብ ላይ፣ 15፣ 30 እና 45 ጋ፣ ሦስት ቀይ ነጥቦች አሉ። አንዷ ከሌሎቹ ትንሽ ትተልቃለች፣ ጠርዟም ፈሰስ ብሏል።

«ይሄ የፋብሪካ አይደለም» አሉ። «ልጠርገው ብዬ ጥጥ ነከርኩ። ከዚያ እጄ እንቢ አለኝ። የጥፍር ቀለም ነው ልጄ።»

«ለምን 15 ላይ?»

መልስ አልሰጡኝም። እጃቸውን ዘርግተው የግራ አንጓዬን ያዙ፣ ሁለት ጣታቸውን ከአውራ ጣቴ ሥር፣ ሥሩ ላይ አሳረፉ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ደረታቸውን ማየት ጀመሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥረሽ በአራት ታባዢዋለሽ» አሉ። «የልብ ምት።»

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነን ሲያተኩሰን አያቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። አንጓችንን ትይዛለች። አንገቷን ደረቷ ላይ ትደፋለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ትንሽ ቆይታ ቀና ትልና ወይ «ደህና ነህ» ወይ «ውሃ አምጡልኝ» ትላለች። ስንት ዓመት ሙሉ የምትጸልይ ይመስለን ነበር። እንዳናቋርጣት ትንፋሻችንን እንይዛለን። ደረቷ ላይ ምንም አልነበረም።

በዚያው ምሽት ለአያቴ ታናሽ እህት ደወልን። ዘጠናን አልፋለች፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። እናቴ ስለ ሰዓቱ ጀምራ ሳትጨርስ፣ «አገኛችሁት እንዴ?» አለች።

አያቴ ነርስ ነበረች። እናቴን ከመውለዷ በፊት፣ ከአሥር ዓመት በላይ፣ አብዛኛውን ሌሊት። ሰዓቱን በመጀመሪያ ደመወዞቿ ነው የገዛችው፣ ያገለገለ። ቀለበቱን ያስበየደችውም ራሷ ናት። «ነጥቦቹ በኔ የጥፍር ቀለም ናቸው» አለች እቴቴ፣ ድምጿ እየሳቀ። «በመብራት እጥረት የሰከንዱ አይታየኝም ስትል እኔ ነኝ በክብሪት እንጨት የቀባሁላት። አንዷን አበላሸሁባት።»

ስታገባ ከሥራው ወጣች። ያገባች ሴት ሌሊት አታድርም ተባለች። ሰዓት ያልነበረው ባሏ ነበር። ቀለበቱን አስነስታ ሰጠችው። ሁለት ወር ያህል ያዘው። አንድ ቀን ከሳይክል ሲወርድ ከእጁ አመለጠ።

«ምን አለችው?» አለች እናቴ።

«ምንም። አንስታ በመሐረብ ቋጠረችው። እሱ አሠራዋለሁ ሲላት ተወው አለችው። እኔንም ስለ ሥራዬ አታንሺብኝ አለችኝ። አላነሳሁም።»

እናቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ፣ «እኔኮ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ ብያት ነበር» አለች። «አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ተነስታ ከክፍሉ ወጣች። የጠላችው መስሎኝ ተውኩት።»

ሰዓት ሠሪው አዲስ ዘንግ ጠረቡለት። ሞላውንም ለወጡለት። ነጥቦቹን አልነኩም። ቀለበቱን መልሼ ልበይድ ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ እናቴ እኔን ሳታይ «አዎ» አለች። ስንወስደው ክዳኑን ከፍተው አሳዩን። ከ50 ሥር፣ ገና ሲያብረቀርቅ፣ የዘንድሮው ዓመት ተፍቋል።

እቤት ስንደርስ እናቴ ሰዓቱን ሞላችው፣ ሹራቧ ላይ በመርፌ ቁልፍ አንጠለጠለችው። አጠገቤ ተቀመጠችና አንጓዬን ያዘች። የሥሩን ቦታ ለማግኘት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። አንገቷን ደፋች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው፣ በሰከንድ አምስት ጊዜ።

ቆጠራው ጠፋባት። የሰከንዱ ቆጣሪ ወደ ቀዩዋ ነጥብ እስኪመለስ ጠበቀችና እንደገና ጀመረች።