ለማር ምርት ሎጎ ዲዛይን የቀረበ የሥራ ማመልከቻ

ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለማር ማሸጊያና ማከፋፈያ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ለካፋ ጫካ ማር ሎጎ ለመሥራት የቀረበ ሐሳብ

ለካፋ ጫካ ማራችሁ ሎጎ የሚሠራ ባለሙያ እንደምትፈልጉ ያወጣችሁትን ማስታወቂያ አንብቤ ይህን ማመልከቻ ጽፌላችኋለሁ። ዘንድሮ ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተመርቄአለሁ። እስከ ዛሬ ሎጎ ሠርቼ ተከፍሎኝ አያውቅም። ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ ያለው ይመረጣል» ስለሚል ይህን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ማስፈሩ ተገቢ መስሎኛል። ከዚህ በታች ያለው ስለ እናንተ ሥራ ያሰብኩት ነው።

በየሱፐርማርኬቱ የማር መደርደሪያ ፊት ቆሜ ተመልክቻለሁ። ንብ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን የማር እንጀራ፣ ቢጫ ቀለም፤ የአንዱን ስም ፍቆ የሌላውን ቢጽፉበት ልዩነቱን የሚያስተውል ገዢ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በካፋ ግን ማር የሚቆረጠው ረጃጅም ዛፎች ላይ ከተሰቀሉ ባህላዊ ቀፎዎች ነው። ያ ቀፎ ረዘም ያለ ድቡልቡል ነው፤ ከፊት ለፊት ሲታይ ክብ ሲሆን ንቦቹ የሚገቡበት ትንሽ ቀዳዳ አለው። ሎጎው ከዚህ ክብና ከዚህ ቀዳዳ ቢነሳ፣ ንብ መሳል ሳያስፈልግ ማሩ ከየት እንደመጣ ይናገራል። የብልቃጡ ክዳንም ክብ ነው፤ የድርጅቱ ማህተምም እንዲሁ። አንዱ ምልክት ሳይጨናነቅ ሁሉም ላይ ያርፋል።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም። ሎጎውን በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ለማስመዝገብ ብታስቡ፣ ምልክቱ የእናንተን ምርት ከሌላው መለየት መቻል አለበት። ሁሉም የሚጠቀምበት ንብ ለዚህ ደካማ መነሻ ነው።

ሌላው የፊደሉ ነገር ነው። በአማርኛ የሚጻፍ ሎጎ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሲያንስ ነው። «ሙ» እና «ሚ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ብቻ ነው፤ ያቺ ጭረት ከቀጠነች፣ በትንሿ ብልቃጥ ላይ ሲታተም ትጠፋና ገዢው ስማችሁን በግምት ያነባል። ስለዚህ ስማችሁን ከተዘጋጀ የፊደል ቅርጽ ቀድቼ አለጥፍም። እያንዳንዱን ፊደል በእጅ እስለዋለሁ፤ ጭረቶቹን አወፍራለሁ፤ በአውራ ጣት ጥፍር መጠን አትሜም አነብበዋለሁ።

ያለ ክፍያ የሠራኋቸው ሁለት ሥራዎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል። አንደኛው ለተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የደም ለጋሾች ክበብ የሠራሁት ነው፤ ባነር ላይም ካናቴራ ላይም በአንድ ቀለም ብቻ እንዲታተም ታስቦ የተሳለ ነው። ሁለተኛው አክስቴ ለምታሽገው በርበሬ የሠራሁት ነው። ላስቲኩ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ከጀርባ የሚታየው የበርበሬው ቅላት ማንኛውንም ሙቅ ቀለም ይውጠዋል። ስለዚህ ሎጎውን በነጭ ተለጣፊ ላይ በጥቁር አስቀመጥኩት። አክስቴ «ቀይ ቢሆን ያምር ነበር» ማለቷን እስካሁን አላቆመችም፤ ቢሆንም ተለጣፊውን ደጋግማ አሳትማዋለች።

ሥራውን ከጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት የእርሳስ ንድፎች አቀርባለሁ፤ ቀለም ቅርጹን እንዳይሸፍን ሦስቱም በጥቁር ብቻ ናቸው። አንዱን ከመረጣችሁ በኋላ ሁለት ጊዜ በአስተያየታችሁ መሠረት አስተካክላለሁ። በጠቅላላው ሥራው ሦስት ሳምንት ይወስዳል። የመጨረሻውን ሎጎ በቀለም፣ በጥቁርና በነጭ፣ ለማተሚያ ቤት በPDF እና በSVG፣ ለማኅበራዊ ገጾች ደግሞ በPNG አስረክባለሁ። ዋጋዬ 15,000 ብር ነው፤ ግማሹ ንድፍ በምትመርጡበት ቀን፣ ግማሹ በርክክብ ቀን ይከፈላል። ከሦስቱ ንድፎች አንዱም ካልጣማችሁ ምንም ሳትከፍሉ እንለያያለን። ልምድ ስለሌለኝ በነፃ ልሥራ አልልም፤ በነፃ የተሠራን ነገር አሠሪውም ሠሪውም ችላ ይሉታል። ክፍያው ሲጠናቀቅ የሎጎው ባለቤትነት ሙሉ በሙሉ የእናንተ ይሆናል።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ፦ መለያው የሚታተመው በወረቀት ላይ ነው ወይስ በቀጥታ በብልቃጡ ላይ? ማሩስ ነጭ ነው ወይስ ቀላ ያለ? በብልቃጡ ላይ ከታተመ ከሎጎው ጀርባ የሚኖረው ቀለም የማሩ ራሱ ቀለም ነውና መልሱ ብዙ ይወስናል።

በሥራ ቀናት ከጠዋት ጀምሮ ቢሯችሁ መጥቼ የሥራ ናሙናዎቹን በእጅ ላሳያችሁ እችላለሁ። ስልክ ቁጥሬ በተያያዘው ናሙና የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሰፍሯል።

ከአክብሮት ጋር
ሳምራዊት